ክፍያው ሳይጠፋ ዓመቱ ሲሳሳት

አሜሪካ ውስጥ በግሉ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ሰው የገቢ ግብሩን በዓመት አራት ጊዜ እየከፈለ ይሄዳል። ስህተት የሚበዛው በአራተኛው ነው። የ2025 የመጨረሻ ክፍያ የሚገባው እስከ ጃንዋሪ 15 ቀን 2026 ስለሆነ፣ ድረ ገጹ ዓመት ሲጠይቅ ጣት ወደ 2026 ይሄዳል። 1,200 ዶላር በዚህ መልክ የከፈለ ሹፌር ዓመታዊ ሒሳቡን ካስገባ በኋላ፣ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ «ይህ ገንዘብ አልገባም፤ ዕዳ አለብህ» የሚል ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል።

ደንግጦ ድጋሚ መክፈል የለበትም። በአይአርኤስ የግል ገጹ የሁለቱንም ዓመታት ክፍያ ቢያይ፣ ገንዘቡን 2026 ሥር ያገኘዋል። ከዚያ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ይደውልና መጠኑን፣ ቀኑንና የማረጋገጫ ቁጥሩን ሰጥቶ ወደ 2025 እንዲዛወርለት ይጠይቅ። መጀመሪያ የከፈለበት ቀን እንዲያዝለትም አጥብቆ ይናገር፤ በመዘግየት የመጣው ቅጣትና ወለድ የሚስተካከለው በዚያ ቀን ነው።