አባት ካረፉ በኋላ ለባንኩ የሚጻፈው ደብዳቤ

አባትዎ ኖረው ያረፉት ሲሪንቃ ነው እንበል። እርስዎ አዲስ አበባ፣ እህትዎ ወልዲያ፣ ሁለቱ ወንድሞችዎ ከእናታችሁ ጋር እዚያው ናቸው። ከሰልስቱ በኋላ ከሣጥን ውስጥ የባንክ ደብተር ተገኘ፤ ሂሳቡ የተከፈተው መርሳ ነው። ለአርባው ወጪ ይሆናል ብላችሁ ካርዱን አትንኩ። አባትዎ በሕይወት ሳሉ የሰጡት ውክልናም ቢሆን ከሞታቸው ጋር ያበቃል። በኋላ ወንድማማች የሚያጣላው እንዲህ የወጣው ገንዘብ ነው።

አስቀድሞ ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው አስመዝግቡና የምስክር ወረቀቱን ውሰዱ። ከዚያ ለቅርንጫፉ አጭር ደብዳቤ ይጻፋል፦

«አባታችን አቶ … በሂሳብ ቁጥር … ደንበኛችሁ ነበሩ። በ… ቀን ማረፋቸውን የተያያዘው የሞት ምስክር ወረቀት ያስረዳል። የወራሽነት ማስረጃ እስክናቀርብ ከሂሳባቸው ገንዘብ እንዳይወጣ፣ የዚህ ደብዳቤ ግልባጭም ማኅተም ተደርጎበት እንዲሰጠን እንጠይቃለን።»

በዚህ ደብዳቤ ገንዘብ አይጠየቅም። ስንት ብር እንዳለ መጠየቅም ብዙ አይጠቅም፤ ባንኩ የደንበኛውን ምስጢር ይጠብቃል። ያንን ባንኩ እንዲገልጽ ትእዛዝ እንዲሰጥላችሁ ፍርድ ቤቱን ጠይቁ።

ውርስ የሚከፈተው ሟች በሚኖሩበት ቦታ ስለሆነ አቤቱታው የሚቀርበው ለሀብሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ አዲስ አበባ አይደለም። ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነና ሁሉም ከተስማሙ ሸሪዓ ፍርድ ቤትም ሊያየው ይችላል፤ የድርሻው ስሌት ግን ከዚህ በታች ካለው ይለያል።

ከማመልከታችሁ በፊት ደብተሩንና የሞት ምስክር ወረቀቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስሙን አንብቡ። አንዱ «ገብሬ»፣ ሌላው «ገብረማርያም» የሚል ከሆነ ባንኩ ሊመልሳችሁ ይችላል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው በዚያው አቤቱታ እንዲረጋገጥ ከተጠየቀ ዳግም መመላለስ ይቀራል።

ሁለተኛው ደብዳቤ የሚጻፈው የወራሽነት ማስረጃው ሲወጣ ነው። የመዝገብ ቁጥሩንና የውሳኔውን ቀን፣ የወራሾቹን ስም፣ የእያንዳንዱን ድርሻና ገንዘቡ የሚገባበትን ሂሳብ ይጠቅሳል። እርስዎ መሄድ ካልቻሉ ውክልናው «ከባንክ ገንዘብ ተቀብሎ እንዲፈርም» የሚል በግልጽ ይኑርበት።

አሁን ወደ እናትዎ እንምጣ፤ ብዙ ጊዜ የምትዘነጋው እሷ ናት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ በሌለበት ለልጆች እኩል ያወርሳል፤ የትዳር ጓደኛን ግን በወራሽነት አይቆጥርም። የእሷ መብት የሚመነጨው ከጋብቻ ሕግ ነው፤ በትዳር ውስጥ የተጠራቀመ ገንዘብ በአንዱ ስም ቢቀመጥም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ሂሳቡ ላይ 120,000 ብር ቢገኝና ዕዳ ባይኖር 60,000ው የእናትዎ ነው፤ የሚወረሰው ቀሪው ሲሆን ለአራታችሁ ለእያንዳንዳችሁ 15,000 ብር ይደርሳችኋል። የልጆችን ስም ብቻ የያዘ ማስረጃ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ባንኩ የእሷን ግማሽ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ድርሻዋ በፍርድ ቤቱ ውሳኔ ውስጥ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ በሁለተኛው ደብዳቤም ከወራሾቹ ስም በላይ የእሷን ስምና 60,000 ብሩን አስፍሩ።