ደሞዝ ሳይገባ የሚደረግ ስብሰባ

እኛ ቤት ወር በገባ በሃያ አምስተኛው ቀን ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ እኔና ባለቤቴ አንድ ደብተር ይዘን እንቀመጣለን። ግማሽ ሰዓት ነው፤ አይበልጥም። መጀመሪያ ላይ የምንቀመጠው ደሞዝ በገባ ማግስት ነበር። ያኔ ግን ከብሩ ገሚሱ ሄዶ ስለሚጠብቀን የምናወራው ስለወጣው እንጂ ስለሚወጣው አልነበረም። አሁን ደሞዙ ሳይገባ እንጨርሳለን።

ቅደም ተከተሉን አናዛባም፤ ወጪ፣ ዕዳ፣ እቅድ፣ በመጨረሻ ያልተስማማንበት ጉዳይ። ጠቡን ባስቀደምንባቸው ወራት የቤት ኪራዩ ላይ እንኳ ሳንደርስ ተነሥተናል።

ወጪውን ከትዝታ አንጽፍም። ስልካችንን ከፍተን የባንክና የቴሌብር መልእክቶችን እያነበብን እንሞላለን፤ አንድ ወር እኔ እጽፋለሁ፣ በሚቀጥለው እሱ። የሁለታችን ደሞዝ ተደምሮ 38,000 ብር ነው። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ትራንስፖርት፣ መብራት፣ ውሃና እድር 29,500 ይወስዳሉ። እቁብ 4,000 ነው። የሚተርፈው 4,500 ብር ነው፤ ለዓመታት ይህን ገንዘብ ትርፍ መስሎን እንበላው ነበር።

ትርፍ አልነበረም። ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ነው፤ ደሞዙ ግን አሥራ ሁለት ጊዜ ይገባል። ጳጉሜን ባዶ እጃችንን አሻግራን መስከረም ላይ ስትጥለን እንቁጣጣሽ፣ የልጆች መመዝገቢያ፣ ዩኒፎርምና ደብተር በአንድ ሳምንት ይደርሱብናል። እኛም በየዓመቱ «ያልታሰበ ወጪ» እያልን እንበደር ነበር። አንድ ማታ የትምህርቱን 15,000፣ የሦስቱን ትልልቅ በዓላት ደግሞ 9,000 ብለን ጻፍን። ድምሩ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል በወር 2,000 ብር ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ገንዘብ ደሞዝ በገባ ዕለት ወደ ሌላ የባንክ ሂሳብ ይሻገራል።

ዕዳ ላይ ስንደርስ ብዙ ቤት የሚስተው እቁብን ነው። ሳይደርስ ቁጠባ ነው፤ ከደረሰ በኋላ ግን ዕዳ ነው። የእኛ እቁብ አሥር ሰው ያለበት ሲሆን በሦስተኛው ዙር 40,000 ብር ደረሰን። በዚያ ቀን ደብተራችን ላይ «የሚቀር ዕዳ 28,000» ብለን ጻፍን፤ ሰባት ወር መክፈል ነበረብንና። እንዲህ ባንጽፈው ኖሮ ሌላ ዕዳ እንደርብበት ነበር። ዋስትናም እዚሁ ይነሣል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከመጠነኛ ገንዘብ በላይ ለመበደርና ለማበደር፣ ለሌላ ሰውም ዋስ ለመሆን የባልና የሚስትን ስምምነት ይጠይቃል። ሥራ ቦታ ለባልደረባ ዋስ ሆኖ ቤት ሲገባ ዝም የሚል ሰው ግን ብዙ ነው።

ከሁሉ የከበደን የአማቴ ጉዳይ ነበር። በደወሉ ቁጥር ባለቤቴ አንዴ 500፣ አንዴ 1,000 ይልካል። እኔ የማውቀው ከመልእክቱ ነው፤ አንድ ወር ስደምረው 3,000 ሆነ። «ቤታችንን እየረሳኸው ነው» ብዬ ጀመርኩና ማታው ተበላሸ። በሚቀጥለው ወር ቁጥሩን ብቻ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ቆይቶ «እናቴ ስትደውል እምቢ ልበላት?» አለኝ። እንዲህ ሲለኝ ነገሩ ገባኝ፤ ጭንቁ የብሩ ብዛት ሳይሆን በየጊዜው «አዎ» ወይም «እምቢ» ማለቱ ነበር። 1,500 ብር ቆርጠን ከኪራይና ከመብራት ጋር አንድ ዓምድ ውስጥ አስገባነው። አሁን ሳይደውሉ ይደርሳቸዋል። ሕመም ወይም ለቅሶ ሲመጣ ብቻ ተደዋውለን እንጨምራለን።

የቀረውን 1,000 ብር እኩል እንካፈለዋለን፤ ማንም ማንንም ምን ገዛህበት፣ ምን ገዛሽበት አይልም።

በአንድ ማታ ከአንድ በላይ አለመግባባት አናነሣም። በአሥር ደቂቃ ካልተቋጨ ቀን ጽፈንበት ለወሩ እናሳድረዋለን፤ እስከዚያ የነበረው እንደነበረ ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሁለቱም ገቢያቸውን ሲገልጹ ነው። አንዱ ደሞዙን የሚደብቅ፣ ወይም አንዷ ስለ ብር ለመጠየቅ የምትፈራ ከሆነ ደብተሩ አንዱ ሌላውን የሚቆጣጠርበት መሣሪያ ይሆናል። እዚያ ቤት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሁለቱም የሚያምኑት ሽማግሌ ነው። ገቢው ለኪራይና ለምግብ ካልበቃም ስብሰባው ጉድለቱን ያሳያል እንጂ አይሞላውም።

የዚህ ወር ገጽ ግርጌ ላይ አንድ መስመር ሳይቋጭ አድሯል። እቁቡ ሲያልቅ እሱ አዲስ ዙር እንግባ ይላል፤ እኔ ደግሞ 4,000ው ባንክ ይቀመጥ እላለሁ። ከጎኑ «የሚቀጥለው 25» ተብሎ ተጽፎበታል።