ላፕቶፕ ላይ ደምቆ የታየው ጽሑፍ አዳራሽ ውስጥ ለምን ይጠፋል?



የዲፌንስ ወቅት ሲቃረብ አብዛኞቻችን ስላይድ የምንሠራው ዶርም ወይም ላይብረሪ ውስጥ፣ ከላፕቶፑ ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጠን ነው። ስላይዱ የሚታየው ግን መጋረጃው በተቀደደ አዳራሽ፣ አምፖሉ ባረጀ ፕሮጀክተርና በአሥራ አምስት ሜትር ርቀት ነው። ፈታኙ ሰንጠረዡን ማንበብ ካቃተው ለጥያቄና መልስ የተሰጠው ደቂቃ «ያ ቁጥር ስንት ነው የሚለው?» በሚል ያልቃል። ከዐስር በኋላ ለፍሬሽ ተማሪዎች በምናዘጋጀው ቲቶሪያልም ችግሩ ያው ነው። ብዙ ጊዜ ከኋላ የሚቀመጡት እህቶቻችን ደግሞ ከሁሉ በላይ ይጎዳሉ። በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን እናያለን፤ የብርሃን ልዩነትንና የፊደል መጠንን። በመጨረሻም ሁለቱን ከዶርም ሳንወጣ እንዴት መፈተሽ እንደምንችል እናሳያለን።

ፕሮጀክተር ጥቁር መሥራት አይችልም

ፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ብርሃን ይጨምራል እንጂ ያለውን አይቀንስም። ስላይዳችን ላይ «ጥቁር» ያደረግነው ቦታ ፕሮጀክተሩ ምንም ብርሃን ያልላከበት ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ የምናየው ከመስኮቱና ከክፍሉ መብራት የመጣውን ብርሃን ነው። ፕሮጀክተሩ ጠፍቶ ሳለ ስክሪኑ ምን ያህል ነጣ ብሎ እንደሚታይ ልብ በሉ፤ የስላይዳችሁ ጥቁር ከዚያ አይጠቁርም።

ይህን በቁጥር እንየው። ፕሮጀክተሩ ሲገዛ 3000 ሉመን የነበረ፣ ስክሪኑ ላይ የሚሠራው ምስል ደግሞ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ይሁን። ይህ 3 ካሬ ሜትር ስለሆነ በአዲስነቱ ለነጭ ቦታ 1000 ሉክስ ገደማ ይደርሳል። አምፖሉ አርጅቶ ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ 500 ሉክስ ይቀራል። ከመስኮትና ከጣሪያ መብራት ስክሪኑ ላይ የሚያርፈው 250 ሉክስ ነው እንበል። እንግዲህ ነጩ 750፣ ጥቁሩ 250 ሆነ ማለት ነው፤ ልዩነታቸው ሦስት እጥፍ ብቻ። ላፕቶፓችን ላይ ግን ነጩ ከጥቁሩ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል።

አሁን በጥቁር መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ ጽሑፍ እንውሰድ። ደማቅ ቀይ ለዐይናችን የሚሰጠው ብርሃን ከነጩ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮጀክተሩ ለቀዩ ፊደል 100 ሉክስ ይልካል፤ ከክፍሉ 250 ጋር 350 ይሆናል። ዙሪያው ያለው ጥቁር ደግሞ 250 ነው። ልዩነቱ 1.4 እጥፍ ስለሆነ ከኋላ ላለ ሰው ፊደሉ ከመደቡ ጋር ይቀላቀላል። ያንኑ ቀይ በነጭ መደብ ላይ ብንጽፈው 750 ለ350 ይሆናል፤ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። የሚያሳስተው ላፕቶፑ ላይ ነገሩ ተገልብጦ መታየቱ ነው፤ እዚያ ቀይ ይበልጥ የሚደምቀው በጥቁር መደብ ላይ ነው። ብዙ ሰው ጥቁር መደብ የሚመርጠውም ለዚህ ነው።

ከዚህ የምንይዘው አንድ ነገር አለ። መብራቱ የማይጠፋ ክፍል ውስጥ ነጭ መደብና ጥቁር ወይም በጣም የጠቆረ ሰማያዊ ጽሑፍ ይሻላል። ጥቁር መደብ ላይ በሙሉ ነጭ የተጻፈ ጽሑፍም ያንኑ ሦስት እጥፍ ይሰጣል፤ ነገር ግን ከነጭ ትንሽ የጎደለ ቀለም ሁሉ ቶሎ ይጠፋል። በነጭ መደብ ላይ ደግሞ ቢጫና ፈዛዛ ግራጫ አይነበቡም። ቢጫ ከነጩ ብርሃን ከዘጠና በመቶ በላይ ስለሚሰጥ ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። አንድን ቁጥር ማጉላት ስትፈልጉ ቀለም ከመቀየር ይልቅ ቦልድ አድርጉት፤ ውፍረት በደካማ ብርሃንም አይጠፋም።

ከቀለም ምርጫ ሁሉ የሚበልጠው ግን ማብሪያ ማጥፊያው ነው። ከስክሪኑ በላይ ያለውን የፊት መብራት አጥፍተን ከጎኑ ያለውን መጋረጃ ስንዘጋ የክፍሉ ብርሃን ከ250 ወደ 50 ቢወርድ፣ ነጩ 550፣ ጥቁሩ 50 ይሆናል። ሦስት እጥፍ የነበረው በአንድ ጊዜ አሥራ አንድ እጥፍ ሆነ። ከኋላ ያሉት መብራቶች ቢበሩም ብዙ አይጎዱም፤ ተሰብሳቢው ማስታወሻ ይጻፍባቸው። በቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበት ስክሪን ላይ ግን ማንኛውም ስላይድ አይነበብም። ያኔ ያለው መፍትሔ ሰዓት ወይም ክፍል መቀየር፣ አለዚያም ወረቀት ማደል ነው።

24 ፖይንት ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?

ፓወርፖይንት ላይ የስላይዱ ቁመት 540 ፖይንት ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል 1.5 ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ፖይንት 2.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ነገር ግን የፎንቱ ቁጥር የፊደሉ ቁመት አይደለም፤ ከላይና ከታች ያለውን ክፍት ቦታም ይጨምራል። ፊደሉ ራሱ የዚያ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ የ24 ፖይንት ፊደል ስክሪኑ ላይ ወደ 4.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

ዐይን የት ድረስ ያያል? የዐይን ሐኪም ሰንጠረዥ ላይ ጤናማ የሚባለው ዐይን በ6 ሜትር ርቀት 9 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ፊደል ይለያል። በ15 ሜትር ይህ 2.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ግን እየተጨነቁ አንድ አንድ ፊደል የሚለዩበት ዳር ነው። ተናጋሪውን እያዳመጡ ሳይቸገሩ ለማንበብ ቢያንስ ሁለት እጥፉ ያስፈልጋል፤ 4.5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። 24 ፖይንት እዚህ ወለሉ ላይ ነው ያለው።

ለአማርኛ ከዚህ ከፍ ማለት አለብን። ፊደላችን የሚለየው በትንንሽ ምልክቶች ነው፤ «ቢ» እና «ቤ»ን የሚለየው እግሩ ላይ ያለው ቀለበት ክፍት መሆኑ ብቻ ነው። ብርሃኑ ሲደክም መጀመሪያ የሚደፈነው ያ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ለአማርኛ 28 ፖይንት፣ ሐረካ ላለው የዐረብኛ ጽሑፍ ደግሞ 36 እና ከዚያ በላይ እንመክራለን።

ሁለት ወጥመዶችም አሉ። ጉግል ስላይድስ ላይ በተለመደው ገጽ ቁመቱ 405 ፖይንት ስለሆነ እዚያ 24 የተጻፈው ፓወርፖይንት ላይ ካለው 32 ጋር እኩል ነው። ሁለተኛው የስላይዱ ቅርጽ ነው። አሮጌዎቹ ፕሮጀክተሮች 4 ለ3 ናቸው። ሰፊውን የ16 ለ9 ስላይድ ስናሳይባቸው ከላይና ከታች ጥቁር ይተርፋል፤ 1.5 ሜትር የነበረው የምስል ቁመት ወደ 1.1 ሜትር ይወርዳል፣ ፊደሎቹም በሩብ ያንሳሉ። ክፍሉን አስቀድማችሁ እዩና አስፈላጊ ከሆነ ፓወርፖይንት ላይ Design ውስጥ Slide Size ገብታችሁ Standard (4:3) ምረጡ። ይህን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አድርጉት፤ በኋላ ሲቀየር የተቀመጠው ሁሉ ይዛባል።

አንድ ስላይድ እንሥራ

አንዲት ተማሪ በስምጥ ሸለቆ 12 ጉድጓዶች ላይ የውኃ ጥራት አጥንታለች እንበል። ከወርድ ፋይሏ ቀድታ የለጠፈችው ሰንጠረዥ 12 ረድፍና 9 ዓምድ አለው፤ ፎንቱ 11 ፖይንት ነው። መደቡ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ከመጠን ያለፈው ፍሎራይድ በቀይ።

መጠኑን ስናሰላ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ15 ሜትር የዐይን ዳር 2.2 ስለነበር የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለ ጤናማ ዐይን እንኳ አያነበውም። የጥናቱ ዋና ውጤት ደግሞ በቀይ ስለተጻፈ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው።

ፎንቱን ወደ 28 ከፍ ብናደርገው ሰንጠረዡ ከስላይዱ ይወጣል፤ በርዕስ ሥር የሚገባው ስምንት ረድፍ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «እንዴት ላሳንሰው?» ሳይሆን «ፈታኙ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ማየት አለበት?» ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ያንን ያለፉት አራት ጉድጓዶች ከሆኑ ርዕሱ «ከ12 ጉድጓዶች 4ቱ ከ1.5 አልፈዋል» ይሁን። ከሥሩ አራት ረድፍና ሁለት ዓምድ፤ የጉድጓዱ ስምና የፍሎራይዱ መጠን። ነጭ መደብ፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ ቁጥሮቹ ቦልድ። ሙሉው ሰንጠረዥ በወረቀት ታትሞ ለፈታኞቹ ይታደል።

ከዶርም ሳንወጣ መፈተሽ

የመጨረሻው ረድፍ ርቀት 15 ሜትር፣ የምስሉ ቁመት 1.5 ሜትር ከሆነ ርቀቱ የቁመቱ 10 እጥፍ ነው። የ15.6 ኢንች ላፕቶፕ ስክሪን ቁመቱ 19 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አሥር እጥፉ 1.9 ሜትር ይሆናል። ስላይዱን ሙሉ ስክሪን አድርጋችሁ ሁለት ሜትር ያህል ራቁ። ፊደሉ ዐይናችሁ ላይ የሚኖረው መጠን ከመጨረሻው ረድፍ እንደሚታየው ነው።

ይህ መጠኑን ብቻ ይፈትሻል። ብርሃኑን ለመፈተሽ ስላይዱን በሙሉ የሚሸፍን ሬክታንግል ሣሉበት፤ መስመሩን አጥፉ፣ ቀለሙን ነጭ አድርጉ፣ Format Shape ውስጥ Transparency የሚለውን 40% ላይ አስቀምጡ። ስላይዱ ይነጣል፣ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ይህ ከላይ ላሰላነው የሦስት እጥፍ ክፍል በጣም የቀረበ ነው። በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ በዚህ ነጭ ጭጋግ ውስጥ የማትለዩት ቀለም አዳራሹ ውስጥም አይታይም። ስትጨርሱ ሬክታንግሉን ማጥፋት አትርሱ።

በዕለቱ አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። ፕሮጀክተሩ Eco ላይ ከሆነ ወደ Normal መልሱት። ሌንሱ ላይ ያለውን ቀለበት አዙራችሁ ትንሹ ጽሑፍ እስኪጠራ አስተካክሉ፤ የፊቱን መብራት የሚያጠፋውን ማብሪያ ማጥፊያም ፈልጉ። ከዚያ ፎንቱ ከሁሉ የሚያንሰውን ስላይድ ክፈቱና መጨረሻው ረድፍ ሄዳችሁ ተቀመጡ። ከዚያ ማንበብ ካቃታችሁ ያንን ስላይድ በቃል ለማስረዳት ተዘጋጁ፤ ወረቀቱንም አስቀድማችሁ አድሉ።