ከሥር ወደ ላይ የበቀለ ዛፍ

እ.ኤ.አ. በ1951 ሮበርት ፋኖ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ለሚያስተምራቸው ተማሪዎች ምርጫ ሰጣቸው፦ ወይ የማጠቃለያ ፈተና ተፈተኑ፣ ወይ የጥናት ጽሑፍ አቅርቡ። ዴቪድ ሃፍማን ጽሑፉን መረጠ። ጥያቄው፣ አንድን መልእክት በ0 እና በ1 ብቻ ስንጽፍ በተቻለ መጠን እንዲያጥር ለየፊደሉ ምን ኮድ እንስጥ የሚል ነበር። ፋኖ ራሱና ክላውድ ሻነን የደከሙበት፣ ነገር ግን ፍጹሙን መልስ ያላገኙለት ጥያቄ እንደሆነ መምህሩ አልተናገረም። ሃፍማን ለወራት ለፍቶ፣ ተስፋ ቆርጦ ለፈተናው ማጥናት ሊጀምር ሲል መልሱን አገኘው።

18 ፊደል ያለው መልእክት እንውሰድ። በውስጡ ነ 7 ጊዜ፣ ለ፣ መ እና ሰ እያንዳንዳቸው 3 ጊዜ፣ በ ደግሞ 2 ጊዜ ይገኛሉ። ለሁሉም እኩል ርዝመት እንስጥ ካልን ለአምስት ፊደል 3 ቢት ያስፈልጋል፤ መልእክቱም 54 ቢት ይሆናል። ለሚበዛው አጭር ኮድ ብንሰጥ እናተርፋለን። ግን የአንዱ ፊደል ኮድ የሌላው ኮድ መጀመሪያ መሆን የለበትም፤ አለዚያ አንባቢው አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ አያውቅም። ይህን ለማረጋገጥ ፊደላቱን በዛፍ ጫፎች ላይ እናስቀምጣለን። ከሥሩ ተነስተን በግራ ስንሄድ 0፣ በቀኝ ስንሄድ 1 እንጽፋለን።

ፋኖ ዛፉን ከላይ ወደ ታች ነበር የሚሠራው፤ ፊደላቱን በተቻለ መጠን እኩል በሆኑ ሁለት ወገኖች ይከፍላል፣ እያንዳንዱን ወገን እንደገና ይከፍላል። በእኛ መልእክት 10 እና 8 ሆኖ ይከፈላል፤ ውጤቱም 41 ቢት ነው። ሃፍማን ግን ከታች ጀመረ።

ፊደላቱ በብዛታቸው ተራ ይዘው ይሰለፋሉ፤ ትንሹ ሁልጊዜ ከፊት ነው። ኮምፒውተር ላይ ይህን የሚሠራው የቅድሚያ ሰልፍ የሚባለው አደረጃጀት ነው። ከፊት ሁለቱን እናወጣለን፦ በ (2) እና ሰ (3)። አንድ ላይ አስረን ድምራቸውን 5ን ወደ ሰልፉ እንመልሳለን፤ አሁን 3፣ 3፣ 5፣ 7 ቀሩ። ሁለቱ 3ቶች ተጣምረው 6 ይሆናሉ። ቀጥሎ 5 እና 6 ተጣምረው 11፣ በመጨረሻም 7 እና 11 ተጣምረው 18 ይሆናሉ። ከዛፉ ላይ ስናነብ ነ 0 ሲሆን በ 100፣ ሰ 101፣ መ 110፣ ለ 111 ይሆናሉ። ጠቅላላው 40 ቢት ነው። የጥምረቶቹን ድምር 5+6+11+18 ብንደምርም 40 እናገኛለን፤ ምክንያቱም አንድ ፊደል በተጣመረ ቁጥር ኮዱ በአንድ ቢት ይረዝማል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ድምሩን ወደ ሰልፉ መመለስ ላይ ነው። ፊደላቱን አንዴ ብቻ ደርድሮ፣ 5ን ወዲያው ከሚቀጥለው 3 ጋር፣ ያንንም ከሚቀጥለው ጋር እያሰሩ መሄድ ቀላል ይመስላል። ጥምረቶቹ ግን 5፣ 8፣ 11፣ 18 ይሆናሉ፤ ድምራቸው 42 ነው፣ ከፋኖም ይብሳል። የታሰሩት ጥንዶች እንደማንኛውም ፊደል ተራቸውን ጠብቀው መሰለፍ አለባቸው።

ታዲያ ሩቅ ሳያዩ፣ በየደረጃው ትንሾቹን ሁለት ብቻ ማንሳት ለምን ፍጹም መልስ ይሰጣል? አንድ ሰው ከሁሉ የተሻለውን ዛፍ ይዞ መጣ እንበል። በታችኛው ደረጃ ላይ ከአንድ ቅርንጫፍ የወጡ ሁለት ጫፎች መኖራቸው የግድ ነው፤ ብቻውን የቀረ ጫፍ ቢኖር ኮዱን በአንድ ቢት ማሳጠር ይቻል ነበርና። በእነዚያ ሁለት ቦታዎች ላይ ሌሎች ፊደላት ካሉ፣ ብዛታቸው ከሁሉ ካነሰው ሁለት ፊደላት ጋር እናቀያይራቸው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወደ ላይ ወጥቶ ያጥራል፣ ጥቂት ጊዜ የሚመጣው ወርዶ ይረዝማል። ስለዚህ ወጪው ሊቀንስ ወይም ባለበት ሊቆይ ይችላል እንጂ አይጨምርም። ትንሾቹ ሁለት ጎን ለጎን ከታች የተቀመጡበት ምርጥ ዛፍ ሁልጊዜ አለ ማለት ነው።

አሁን ሁለቱን ጫፎች ቆርጠን በቦታቸው ድምራቸውን የተሸከመ አንድ ጫፍ እንተካ። በ እና ሰ ሲቆረጡ የመልእክቱ ወጪ በ5 ቢት ብቻ ይቀንሳል፤ የቀረው የዛፍ ክፍል ምንም ቅርጽ ቢኖረው ይህ 5 አይለወጥም። ስለዚህ የአምስቱን ፊደል ምርጥ ዛፍ ለማግኘት፣ 3፣ 3፣ 5፣ 7 ያሉበትን የአራት ፊደል ምርጥ ዛፍ ማግኘት ይበቃል። የአራቱ በተመሳሳይ መንገድ ወደ ሦስት፣ የሦስቱ ወደ ሁለት ይወርዳል። ሁለት ፊደል ሲቀር አንዱ 0፣ ሌላው 1 ይሆናል፤ ከዚህ የተሻለ የለም።

ይህ ፍጹምነት ግን ወሰን አለው። ማስረጃው የሚሠራው ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ሙሉ ቢት ያለው ኮድ ሲሰጥ ነው፤ አንድ ፊደል የመልእክቱን 99 በመቶ ቢይዝም ኮዱ ከአንድ ቢት አያንስም። የፋክስ ገጽ እንዲህ ያለ ነው፤ አብዛኛው ነጭ ነጥብ ነው። በዚህ ምክንያት የፋክስ ደረጃ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ከመጻፍ ይልቅ፣ ተከታትለው የመጡ ነጭ ነጥቦችን ርዝመት እንደ አንድ ፊደል ቆጥሮ ኮዱን የሚሰጠው ለዚያ ርዝመት ነው።