የወለላ ገጽ፦ የጉረኖው መዝገብ ምን አስወሰነን?

በጉረኖአችን ካሉት ዐሥራ አራት እናት ፍየሎች መካከል ብዙዎቻችሁ በስም የምታውቋት ወለላን ነው። አንዲት እናት ስለ ስእለታቸው ያመጧት ቀይ የሻሚ ፍየል ናት። በወለደች ሰሞን ማለቢያውን እስከ አፉ ስለምትሞላው "የጉረኖው እመቤት" እያልን ስንጠራት ኖረናል።

ባለፈው ጳጉሜን ግን መጋቢው የተገዛው መኖ ለሁሉም እንደማይበቃ ነገሩን። ከእናቶቹ አንዲቱን መሸጥ፣ ከሴት ግልገሎችም አንዲቱን ብቻ ለምትክ ማስቀረት ግድ ሆነ። በቃል የምናውቀው ሁሉ ወለላን አስቀሩ፣ ቁጥር 11 የተባለችውን ጥቁር ፍየል ሽጡ የሚል ነበር። መዝገቡን ስንገልጥ ያገኘነው ግን ሌላ ነው።

መዝገባችን ተራ ደብተር ነው። ለእያንዳንዷ ፍየል አንድ ገጽ አላት፤ በገጹ ራስ ላይ የጆሮዋ ቁጥር ተጽፏል። ከዚያ በታች አራት ነገሮች ይሰፍራሉ፤ ልደት፣ ሕክምና፣ ክብደትና ወተት። ደብተሩ ከእርሳሱ ጋር በማለቢያው ቦታ ተሰቅሎ ይኖራል። ማታ ከጸሎት በኋላ እንጽፈዋለን ያልነው ነገር ሁሉ ሳይጻፍ እንደሚቀር ቀድመን ተምረናልና።

ልደትን ለመመዝገብ የዘመን አቈጣጠራችን ይረዳናል። ፍየል የምታረግዘው 150 ቀን ያህል ነው፤ ይህም የእኛ አምስት ወር ነው። መስከረም 10 ቀን ከአውራው ጋር የተገናኘች ፍየል የካቲት 10 ገደማ ትወልዳለች። ጳጉሜን በመካከል ከገባች ብቻ ቀኖቿን እንቀንሳለን። የተገናኙበት ቀን ካልተጻፈ ግን ያለ ጊዜው የመጣውን ልደት ከጊዜው ልደት መለየት አይቻልም። በተከታታይ ሁለት ፍየሎች ቢጨነግፉ ዝም ብለን አንጽፍም፤ የእንስሳት ሐኪም እንጠራለን፤ ወተቱንም ሳይፈላ ማንም አይቀምሰውም። በዚህ አገር በፍየሎች የሚገኘው ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ፍየልን ያስጨነግፋል፣ በጥሬ ወተትም ወደ ሰው ይተላለፋልና።

ወተትን በየቀኑ አንመዝንም፤ በየወሩ በ20 ብቻ እንመዝናለን። በዋዜማው ማታ ግልገሎቹን ከእናቶቻቸው እንለይና ጡቱን ባዶ እስኪሆን እናልባለን፤ ይህ አይቈጠርም። በማግሥቱ የጠዋቱና የማታው ወተት ተመዝኖ ይደመራል፤ የማለቢያው ክብደት ይቀነሳል፤ ግልገሎቹም ከተመዘነው ወተት በጡጦ ይጠጣሉ። በዐቢይ ጾምም ለማኅበሩ ወተት ባይቀርብ ሚዛኑ አይቋረጥም። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ የአንዱ ቀን ወተት በ30 ሲባዛ የወሩን ግምት ይሰጠናል።

እንግዲህ የሁለቱን ፍየሎች ገጽ እንይ። ሁለቱም የወለዱት በየካቲት መጀመሪያ ነው። ወለላ የካቲት 20 ቀን 2.8 ኪሎ ሰጠች፤ በየወሩም 2.4፣ 1.6፣ 0.9፣ 0.4 እያለች በሐምሌ ነጠፈች። ድምሩ 8.1 ነው፤ በ30 ሲባዛ 243 ኪሎ ይሆናል። ቁጥር 11 የጀመረችው በ1.6 ነው፤ ከዚያም 1.7፣ 1.6፣ 1.5፣ 1.3፣ 1.1 እያለች እስከ ነሐሴ 20 ድረስ 0.9 ሰጠች። ድምሩ 9.7፣ በ30 ሲባዛ 291 ኪሎ ነው። እኛ ስናስታውስ የኖርነው የየካቲቱን ማለቢያ ነበር፤ ወለላ ከነጠፈች በኋላ በሐምሌና በነሐሴ ያጠጣችንን ፍየል ግን ልብ አላልናትም።

ሆኖም አንድ ድምር ብቻ አይቶ መፍረድ ስሕተት ነው። ወለላ ዘንድሮ ብቻ ታማ ቢሆንስ? ስለዚህ ወደ ሕክምናው ክፍል ተመለስን። በዚያ ሚያዝያ 2 ቀን የቀኙ ጡቷ ማበጡና መሞቁ፣ ወተቱም መርጋቱ ተጽፏል፤ የተሰጣት መድኃኒት፣ መጠኑና ወተቷ የሚከለከልበት ቀንም ተከትሎ ይታያል። የአምናውን ገጽ ስንገልጥ በዚያው በቀኙ ጡት ያው ሕመም ተገኘ። በእጅ ሲዳሰስም ቀኙ ከግራው ይልቅ ጠንክሯል። እንዲህ የጠነከረ ጡት በሚቀጥለው ልደት እንደ ቀድሞው መሆኑ አጠራጣሪ ነው፤ ሕመሙም በአላቢው እጅ ወደ ሌሎቹ ሊተላለፍ ይችላል። በአንጻሩ ቁጥር 11 ገና የመጀመሪያ ልደቷ ነው፤ ፍየል እስከ ሦስተኛውና አራተኛው ልደት ወተቷ ሲጨምር የተለመደ ነው።

ወተት የሚከለከልበትን ቀን መጻፍ የጀመርነው ከአንድ ጥፋታችን በኋላ ነው። ጽሑፍ ባልነበረበት ጊዜ አንድ እርድእ መድኃኒት የተወጋችን ፍየል ወተት ሳያውቅ ከሌላው ቀላቀለው። የዚያን ቀን እርጎው አልረጋም፤ ወተቱን የሚያረጋውን እርሾ መድኃኒቱ ገድሎታልና። ሁሉም ተደፋ። ዛሬ በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ወይም ሐኪሙ ያዘዘውን ቀን ቈጥረን በማለቢያው ሰሌዳ ላይ በትልቁ እንጽፋለን።

የቀረን ለምትክ የምትቀመጠውን ግልገል መምረጥ ነበር። ከቀረቡት ሁለቱ አንዷ የወለላ ልጅ ናት፤ ብቻዋን ተወልዳ በልደቷ ቀን 3.6 ኪሎ፣ በ70ኛው ቀን 13.4 ኪሎ መዘነች። ሁለተኛዋ ከቁጥር 11 መንታ ልጆች አንዷ ናት፤ በ2.6 ኪሎ ተወልዳ በ70ኛው ቀን 11.7 ደረሰች። በዓይን ሲታዩ የወለላ ልጅ ትበልጣለች። ነገር ግን የጨመሩትን ለ70 ብናካፍለው የመጀመሪያዋ በቀን 140 ግራም፣ ሁለተኛዋ 130 ግራም አድጋለች። የእናቷን ወተት ከወንድሟ ጋር ተካፍላ የጠጣች ግልገል በ10 ግራም ብቻ ማነሷ የሚያስነቅፋት አይደለም። እናቷም ጡተ ጤናማ ናት። ስለዚህ መንታዪቱን አስቀረን።

ወለላን መሸጥ ግን ከሒሳቡ ይልቅ ከበደን፤ የስእለት ፍየል ነበረችና። አበምኔቱ መዝገቡን አይተው ከፈቀዱ በኋላ ለሰጧት እናት ደብዳቤ ጻፍንላቸው፤ የሁለቱን ዓመት ገጽ ገልብጠን አያይዘን ላክን። እርሳቸውም "የሰጠሁት ለገዳሙ እንጂ ለፍየሏ አይደለም" ብለው መለሱልን። መድኃኒቱ ከሥጋዋም የሚወጣበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ለዕርድ ተሸጠች፤ የጡቷንም ነገር ለገዢው አልደበቅንም። ገንዘቡ ለመኖ ዋለ።

ፍየል ለመስጠት የተሳላችሁ ወገኖች ከስጦታችሁ ጋር ሦስት ነገር ጽፋችሁ ብታመጡልን እንለምናችኋለን፤ ዕድሜዋን፣ ስንት ጊዜ እንደ ወለደች ወይም እንደ ጨነገፈች፣ መጨረሻ የወሰደችውንም መድኃኒት ከነቀኑ። ደሟ እስኪመረመር ድረስ ለብቻዋ ትቆያለች፤ ከዚያም ቁጥር ይሰጣታል፣ የራሷም ገጽ ይከፈትላታል። ገጿን ማየት የፈለገ ሁሉ በማለቢያው ቦታ ተሰቅሎ ያገኘዋል።