ሁለት ጊዜ የሚመጣው 02:30

አንድ ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር የክፍያ መዝገቡን፣ ማለትም ሎጉን፣ በአገሩ ሰዓት እስከ ደቂቃ ብቻ ይጽፋል እንበል። ጥቅምት 26 ቀን 2025 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሌሊት 03:00 ሲል የጀርመን ሰዓት ወደ 02:00 ተመለሰ። በዚያች ሌሊት 02:30 ሁለት ጊዜ መጥቷል። አንድ ደንበኛ በሁለቱም ጊዜ እኩል ገንዘብ ቢከፍል፣ መስመሮቹ ከክፍያ ቁጥሩ በቀር ፍጹም መንትያ ይመስላሉ።

ሰዓቱንና የገንዘቡን መጠን ብቻ አይቶ ድግግሞሽን መጀመሪያ የሚያጠፋ ሰው እዚህ ላይ እውነተኛ ክፍያ ይሰርዛል። ስለዚህ ሰዓቱን አስቀድሞ ወደ ዓለም አቀፉ ዩቲሲ መቀየር ይገባል። የመጀመሪያው 02:30 በዩቲሲ 00:30፣ ሁለተኛው 01:30 ይሆናል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው የፋይሉ ቅደም ተከተል ነው፤ ሰዓቱ ከ02:59 ወደ 02:00 ያፈገፈገበት መስመር ድንበሩ ነው። ፋይሉ አስቀድሞ በሰዓት ተደርድሮ ከሆነ ግን ይህ ምልክት ይጠፋል፤ ዋናውን ቅጂ ሳይነኩ ማስቀመጥ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ እውነተኛው ድግግሞሽ በክፍያ ቁጥሩ ይለያል። ኔትወርክ ተቋርጦ ስልኩ መልእክቱን ደግሞ ቢልክ፣ ቁጥሩ ያው ስለሚሆን አንዱ ብቻ ይቀራል።

ሰዓት የሌለው መስመር ሲያጋጥም በግምት መሙላትን አልደግፍም። ከላዩና ከታቹ ያሉት መስመሮች 00:41 እና 00:44 ከሆኑ፣ በመካከላቸው እንደተጻፈ መዝግቦ ምልክት ማድረግ በቂ ነው። ለቀን ድምር ያገለግላል፤ ክፍያው ስንት ደቂቃ ፈጀ ለሚለው ስሌት ግን አይገባም።