ላጲስ ያልነካው ገጽ

ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ የግል አስጠኚ በቴሌግራም ፎቶ ይደርሰዋል። የላከችለት የ9ኛ ክፍል ተማሪው ናት። በፎቶው ላይ የአልጀብራ የቤት ሥራዋ አለ፤ ከሥሩም «ቲቸር፣ የት ጋ እንደተሳሳትኩ አልገባኝም» ብላለች።

አስጠኚው ወዲያው ወደ መፍታት አይገባም። የደብተር ፎቶ ያታልላል፤ የማይነስ ምልክት ከደብተሩ መስመር ጋር ተደርቦ ይጠፋል፣ ከላይ በትንሹ የተጻፈች 2 ደግሞ ደብዝዛ የእርሳስ ነጥብ ትመስላለች። ስለዚህ «ጥያቄውን በድምፅ አንብቢልኝ» ይላታል። ስታነብለት ጥያቄው ይህ ሆኖ ተገኘ፦

5 − 2(x − 3) = 3x − 4

የእሷ ሥራ ደግሞ እንዲህ ይነበባል፦

5 − 2x − 6 = 3x − 4
−1 − 2x = 3x − 4
3 = 5x
x = −2

«እስቲ −2ን በ x ቦታ አስገቢው» አላት። በግራ በኩል 15፣ በቀኝ በኩል −10 ወጣ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ መልሱ ትክክል አይደለም። ይህን ለማወቅ መምህርም ሆነ የመልስ ወረቀት አያስፈልግም፤ ብዙ ተማሪዎች ግን ይህን ማጣሪያ ይዘሉታል።

በገጹ ላይ ያሉት ስህተቶች ሁለት ናቸው፤ ምንጫቸውም የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ያለው ቅንፉ ሲፈታ ነው። ተማሪዋ 2ን ከ x ጋርም ከ 3 ጋርም አባዝታለች፤ ከ 2 ፊት ያለው ማይነስ ግን በቅንፍ ውስጥ ያለውን ማይነስ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን አላስተዋለችም። «ማይነስ በማይነስ ፕላስ ነው» የሚለውን ሕግ በቃሏ ታውቀዋለች። የቸገራት ምክንያቱ ነው።

አስጠኚው ወደ ሱቅ ወሰዳት። በእጅሽ 200 ብር አለ እንበል። የአንዱ ደብተር ዋጋ 60 ብር ሆኖ ባለሱቁ በእያንዳንዱ ላይ 5 ብር ቀነሰልሽ፤ ሁለት ገዛሽ። የሚተርፍሽ 200 − 2(60 − 5) ነው፤ ማለትም 110 ከፍለሽ 90 ብር ይዘሽ ትወጫለሽ። አንቺ በፈታሽበት መንገድ ግን 200 − 120 − 10 ሆኖ 70 ብር ብቻ ይተርፍሻል። ባለሱቁ የቀነሰልሽን 10 ብር በሙሉው ዋጋ ላይ ጨምረሽ ከፈልሽው ማለት ነው! ቅናሹ ወደ ኪስሽ ስለሚመለስ ይደመራል፦ 200 − 120 + 10። በቤት ሥራውም −6 የተባለው +6 ይሆናል።

ሁለተኛው ስህተት ከ 3 = 5x ቀጥሎ ያለው ነው። ተማሪዋ 5ን ወደ ማዶ አሻግራ 3 − 5 አለች። «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚለው አባባል በየክፍሉ ይሰማል። አባባሉ ፈጣን ነው፣ ለተደመረና ለተቀነሰ ቁጥርም ይሠራል። አደጋው ምክንያቱን መደበቁ ነው። በእውነቱ የሚሻገር ቁጥር የለም፤ በሁለቱም ወገን እኩል ነገር ይደመራል፣ ይቀነሳል ወይም በእኩል ይካፈላል። አልጀብራ ስሙን ያገኘው የባግዳዱ ሊቅ አል-ኽዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ከጻፈው መጽሐፍ ነው። «አል-ጀብር» ያለውም ይህንኑ ሥራ ነው፦ የተቀነሰውን በሁለቱም ወገን ደምሮ መመለስ።

5x ግን የተደመረ 5 የለበትም፤ አምስት ጊዜ x ማለት ነው። አምስት እኩል ከረጢቶች ሚዛን ላይ ቢቀመጡ የአንዱ ክብደት የሚታወቀው ለአምስት ሲካፈል ነው።

አሁን ከመጀመሪያው፦

5 − 2x + 6 = 3x − 4
11 − 2x = 3x − 4

በሁለቱም ወገን 2x ሲደመር 11 = 5x − 4፣ 4 ሲደመር ደግሞ 15 = 5x ይሆናል። ለ 5 ሲካፈል x = 3። ማጣሪያው ግራውንም ቀኙንም 5 ያደርገዋል።

በዚያው ገጽ ግርጌ x² = 5x የሚል ጥያቄ አለ። ተማሪዋ ሁለቱንም ወገን ለ x አካፍላ 5 አለች። 5 ትክክል ነው፣ ግን ብቻውን አይደለም። x ዜሮ ከሆነ ለዜሮ ማካፈል አይቻልም፤ ስታካፍል ሳታውቀው ያንን መልስ ጣለችው። 5xን ቀንሳ x(x − 5) = 0 ብትጽፍ 0 እና 5 ሁለቱም ይወጣሉ።

አስጠኚው በመጨረሻ መልስ የሌለው አንድ ጥያቄ ላከላት፦ 7 − 3(x − 2) = 2x + 3። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ x = 2 የሚል ገጽ መጣ፤ ከሥሩ ማጣሪያው ተጽፏል፣ 7 = 7።

የገባችበትን ስህተት ማግኘት የተቻለው ያንን ያልተሳካ ሥራ ሳትሰርዝ ስለላከችው ነው። የልጃችሁን ወይም የታናሻችሁን የቤት ሥራ ፎቶ አንስታችሁ ስትልኩ፣ እባካችሁ የተሳሳተውን መስመር በላጲስ አታጥፉት።